የጎሚስታ ታፔላ ላይ ምን ይጻፍ? ከሚሄድ መኪና ላይ የሚነበብ ጽሑፍ አዘገጃጀት

መንገድ ዳር ጎሚስታ የሚከፍቱ ሰዎች ታፔላ ሊያሠሩ ሲሉ ሁልጊዜ የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ ነው፦ «ምን ምን ልጻፍበት?» መልሱ ሁልጊዜ ካሰቡት ያነሰ ነው። ምን ያህል ያነሰ እንደሆነ ግን በግምት አይታወቅም፤ በመንገዱ ፍጥነት፣ በፊደሉ ቁመት እና በታፔላው ስፋት ተሰልቶ የሚገኝ ነገር ነው። ከዚህ በታች ስሌቱን ከነአሠራሩ አስቀምጠነዋል።

ምሳሌ የሚሆነን ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ሲወጡ በቀኝ በኩል ያለ ጎሚስታ ነው። በዚህ መንገድ ወደ ጅቡቲ የሚወርዱና ከዚያ የሚመጡ ከባድ መኪናዎች፣ አይሱዙ፣ ሚኒባስ እና የቤት መኪና ያልፋሉ። ታፔላው 3 ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ቁመት አለው እንበል። የእርስዎ ልክ ሌላ ከሆነ ቁጥሮቹን ብቻ ቀይረው በዚሁ መንገድ ይሥሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ረጅም ሜትር (50 ሜትር ቢሆን ይመረጣል)፣ ከሌለ 10 ሜትር ተለክቶ የተቆረጠ ገመድ
- ሰከንድ የሚቆጥር ስልክ
- ኤ4 ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ ወፍራም ጥቁር ማርከር
- ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚሠራ መኪና ወይም ሞተር
- ታፔላውን አይተው የማያውቁ ሦስት ወይም አራት ሰዎች፣ ቢቻል ሹፌሮች
- አንድ ያገለገለ የከባድ መኪና ጎማ እና ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም

1. መኪናው በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ ይለኩ

ታፔላው ሊቆም የታሰበበት ቦታ ላይ ከመንገዱ ወጣ ብለው ቆመው፣ በመንገዱ ዳር 50 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች ያድርጉ። አንድ መኪና የመጀመሪያውን ሲያልፍ ስልኩን ያስጀምሩ፣ ሁለተኛውን ሲያልፍ ያቁሙ። 180ን ባገኙት ሰከንድ ሲያካፍሉት ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይወጣል። 3 ሰከንድ ከፈጀ 60 ነው፤ 4 ሰከንድ ከፈጀ 45 ነው።

አሥር ያህል መኪና ይለኩና አማካዩን ሳይሆን ፈጠን ብለው ከሚያልፉት የአንዱን ይያዙ። ለፈጣኑ የሚነበብ ጽሑፍ ለቀርፋፋውም ይነበባል፤ የተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። የተዘጋ መንገድ ወይም ጉድጓድ ባለበት ቀን አይለኩ፤ መንገዱ በተጠገነ ማግስት ስሌትዎ ይበላሻል። በምሳሌያችን 60 እንይዛለን። በ60 የሚሄድ መኪና በየሰከንዱ 17 ሜትር ገደማ ይሄዳል።

2. መጻፍ የፈለጉትን ሁሉ ይጻፉና ይቁረጡ

መጀመሪያ ወረቀት ላይ ያለ ስስት ይጻፉት። ብዙ ጊዜ የሚመጣልን ረቂቅ ይህን ይመስላል፦

«በዘመናዊ መሣሪያ የታገዘ የጎማ ጥገና፣ ንፋስ መሙላት፣ ባላንስ፣ አዳዲስና ያገለገሉ ጎማዎች ሽያጭ፣ ለማንኛውም ዓይነት ተሽከርካሪ 24 ሰዓት እንሠራለን። ስልክ…»

ከነስልክ ቁጥሩ 20 ቃል ነው፤ የቤቱ ስም ገና አልተጻፈም። አሁን እያንዳንዱን ቃል በአንድ ጥያቄ ይፈትኑት፦ ጎማው የተነፈሰበት ሹፌር ይህን ቃል ባያነበው፣ ሳይገባ ያልፍ ነበር?

«በዘመናዊ መሣሪያ የታገዘ» ይውጣ። ጎማው የተነፈሰ ሰው የሚያስበው የሚሠራለት ሰው ስለ ማግኘቱ ነው። «ንፋስ መሙላት» ይውጣ፤ ንፋስ የማይሞላ ጎሚስታ የለምና ምንም አልተጨመረም። «ባላንስ» እና «ሽያጭ» ለቤቱ ገቢ ቢያመጡም፣ በ60 እየበረረ ባላንስ ለማሠራት የሚወስን ሰው የለም። እነዚህን ሰውየው ጎማው እስኪሠራለት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ ያነባቸዋል። «ለማንኛውም ዓይነት ተሽከርካሪ» ደግሞ የባሰ ነው፤ ሦስት ቃል ወስዶ ለማንም ለይቶ አይናገርም።

ስልክ ቁጥሩ ላይ ብዙ ሰው ይከራከረናል። አሥር አኃዝ ከሚሄድ መኪና ላይ ሆኖ በቃል የሚይዝ ሰው የለም፤ ሹፌር ጽፎ እንዲይዘው መጋበዝም አደጋ ነው። ቁጥሩ ቦታ አለው፤ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ተቆርጦ ተቆርጦ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው፦ ምን እንደሆነ እና የት እንደሆነ። ስለዚህ፦

ጎሚስታ
300 ሜትር

እና ቀስት። «የጎማ ጥገና» ከማለት «ጎሚስታ» ይሻላል፤ አራት ፊደል ብቻ ነው፤ መፍታቱንም፣ መለጠፉንም፣ መንፋቱንም አንድ ላይ ይዟል፤ ሹፌሩና ረዳቱም በአፋቸው የሚጠሩት እሱን ነው።

አዳማ ላይ አፋን ኦሮሞውም ከአማርኛው ጋር አብሮ ይጻፋል። ይህ ለንባቡ ጭነት አይሆንም፤ ሰው የሚያነበው የለመደውን መስመር ነውና። ቦታ ግን ይወስዳል። ስለዚህ በሁለት ቋንቋ የሚጻፈው የሥራው ስም ብቻ ይሁን፤ ቁጥሩና ቀስቱ ለሁለቱም ያገለግላሉ። የአፋን ኦሮሞውን አጻጻፍ ቋንቋውን በሚገባ የሚጽፍ ሰው ሳያየው ወደ ማተሚያ አይላኩ። እየረዘመ የሚነበብ አናባቢ በሁለት ፊደል ስለሚጻፍ፣ አንዷ ከተረሳች ስህተቱ አደባባይ ላይ ዓመታት ይቆማል።

3. ፊደሉ ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን ያስሉ

እኛ የምንሠራበት ልክ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት 2 ሜትር የንባብ ርቀት። ጥሩ ዐይን ያለው ሰው ከዚህም ርቆ ሊያነብ ይችላል። ነገር ግን የመኪናው መስታወት አቧራ ይዟል፣ መንገዱ ያንቀጠቅጣል፣ ሹፌሩም ከሩቅ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ልኩን ዝቅ ያደረግነው ለዚያ ነው።

የአማርኛ ፊደል በስፋት ሲለካ፣ በመሀል ያለውን ክፍተት ጨምሮ፣ የቁመቱን ያህል ቦታ ይይዛል ብለው ይያዙ። የ3 ሜትር ታፔላ በግራና በቀኝ 15 ሴንቲ ሜትር ባዶ ሲተውለት 270 ሴንቲ ሜትር ይቀረዋል። በጣም ረጅሙ መስመር «300 ሜትር» ከነቀስቱ ነው፦ ስድስት ፊደልና ቁጥር፣ ክፍተቱ፣ ቀስቱ፤ በድምሩ የስምንት ፊደል ቦታ። 270 ለ8 ሲካፈል 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። «ጎሚስታ» አጭር ስለሆነ 40 ሴንቲ ሜትር እንሰጠዋለን፤ የአፋን ኦሮሞው መስመርም በዚሁ አካባቢ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች ሲደመር፦ 15 ባዶ፣ 40፣ 20 ክፍተት፣ 40፣ 20 ክፍተት፣ 33፣ 15 ባዶ። 183 ሴንቲ ሜትር ነው፤ 2 ሜትር ውስጥ ይገባል።

ባዶውን ቦታ «ባክኗል» ብለው አይሙሉት። ጽሑፉ ጠርዝ ድረስ ከሄደ ከሩቅ ፊደሉና የብረቱ ፍሬም ይቀላቀላሉ፤ ስለዚህ 40 ሴንቲ ሜትር የከፈሉበት ፊደል የ30ውን ያህል እንኳ አይነበብም።

4. ስንት ሰከንድ እንዳለዎት ያረጋግጡ

40 ሴንቲ ሜትር ፊደል ከ80 ሜትር ላይ መነበብ ይጀምራል። የመጨረሻዎቹ 20 ሜትር አይቆጠሩም፤ እዚያ ሲደርስ ታፔላው ወደ ጎን ስለሚሆን ሹፌሩ አንገቱን ማዞር አለበት። ስለዚህ 60 ሜትር ይቀራል፤ በ60 ፍጥነት ይህ 3 ሰከንድ ተኩል ነው። ሹፌሩ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ ታፔላ ላይ አያፈጥም፤ ግማሹን መንገዱን ያያል። በእጅዎ ያለው ወደ 2 ሰከንድ ነው። ለአንድ ቃል ግማሽ ሰከንድ ቢይዙለት፣ አራት ቃል ማለት ነው። የእኛ ጽሑፍ ሁለት ቃል፣ አንድ ቁጥር እና አንድ ቀስት ነው፤ ልክ ገባ።

አሁን ያን የ20 ቃል ረቂቅ በዚሁ ታፔላ ላይ ይሞክሩት። በሰባት መስመር ቢደረደር ፊደሉ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከ30 ሜትር ላይ ብቻ ይነበባል። 20ው ሜትር ሲቀነስ 10 ሜትር ይቀራል፤ ይህም በ60 ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። 20 ቃል ለማንበብ ግን 10 ሰከንድ ያስፈልጋል። ቃል በጨመሩ ቁጥር የሚነበበው ይበዛል፣ ፊደሉ ደግሞ ያንሳል፤ ጉዳቱ በሁለት በኩል ስለሚመጣ ነው አንድ ቃል እንኳ ይህን ያህል የሚከብደው።

5. ታፔላውን ከበሩ 300 ሜትር ቀድሞ ያቁሙ

በሩ ላይ ብቻ የቆመ ታፔላ ትልቁ ችግሩ ሹፌሩ አንብቦ ሲጨርስ ቤቱን አልፎት መሄዱ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ደግሞ ለጎሚስታ ብሎ ወደ ኋላ አይመለስም።

በ60 የሚሄድ ሹፌር አይቶ እስኪወስን 2 ሰከንድ ተኩል ቢወስድበት 42 ሜትር ሄዷል። ጭነቱን ሳያንገላታ ቀስ እያለ እስኪቆም ደግሞ 140 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በድምሩ 180 ሜትር ነው። ጎማው እየተነፈሰ ያለ መኪና ፍሬን በኃይል ሊረግጥ አይገባም፤ ስለዚህ 200 ትንሹ ነው፣ 300 የተሻለ ነው። ከ500 በላይ ከሆነ ግን ሰው ይረሳዋል፤ በመሀል ሌላ ጎሚስታ ቢያይም እዚያው ይገባል።

ርቀቱን በእግር ገምተው አይጻፉ። በመኪና ቆጣሪ ይለኩት፤ 0.3 ሲል ያ ነው ቦታው። ታፔላው 300 ብሎ በሩ 450 ላይ ቢሆን ሹፌሩ «አለፍኩት» ብሎ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ይህ ደግሞ ከኋላው ለሚመጣው አደጋ ነው።

ቀስቱም ዓይነት አለው። ቀጥ ብሎ ወደ ቀኝ የሚያሳይ ቀስት «እዚህ ጋ ታጠፍ» ይላል፤ ሹፌሩም ታፔላው ሥር መግቢያ ይፈልጋል። ወደ ላይ ወጥቶ ጫፉ ወደ ቀኝ የታጠፈ ቀስት ይሣሉ፤ እሱ «ወደፊት ሂድና ቀኝ ግባ» ማለት ነው።

ከወለንጪቲ በኩል ለሚመጣው ቤቱ በግራ ነው። ለእሱ የዚህኑ ታፔላ ጀርባ አይጠቀሙ፤ ርቀቱም ቀስቱም ለእሱ ስህተት ነው። በእሱ ቀኝ በኩል፣ ከበሩ 300 ሜትር ቀድሞ፣ ወደ ግራ የታጠፈ ቀስት ያለው የራሱ ታፔላ ይቁምለት። መሀል መንገዱ በግንብ ወይም በደሴት የተከፈለ ከሆነ ግን ጭራሽ አያቁሙለት፤ መግባት ለማይችል ሰው መጥሪያ መስቀል መኪናውን ወደ ክልክል መታጠፊያ መግፋት ነው።

6. ፊደሉን ወፍራም፣ ቀለሙን ሁለት ብቻ ያድርጉ

ጥቁር በቢጫ ወይም ጥቁር በነጭ ይምረጡ። ቀይ በሰማያዊ ላይ፣ ቀይ በጥቁር ላይ ከሩቅ ይዋሐዳል፤ ቀይ ደግሞ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይደበዝዛል። አዳማ አቧራማ ስለሆነ ነጭ መደብ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ቢጫ ይታገሣል። የሌሊት ሥራ ካለ ቢጫው መብራት የሚመልስ ፕላስቲክ ይሁን፣ ጥቁሩ ተራ ይሁን። የመኪና መብራት ሲያርፍበት መደቡ ያበራል፣ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

የፊደሉ እግርና አካል ውፍረት የቁመቱን አንድ ስድስተኛ ያህል ይሁን፤ 40 ሴንቲ ሜትር ፊደል ላይ ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። የአማርኛ ፊደል የሚለየው በትንሽ ነገር ነው፦ ተ ከቸ፣ ነ ከኘ፣ ሰ ከሸ የሚለያዩት ራሳቸው ላይ ባለችው ጭረት ነው፤ ካዕቡና ሣልሱም ጎን በምትወጣው ትንሽ ቅጥያ። ጥላ፣ ዙሪያ መስመር ወይም ጌጥ የተጨመረበት ፊደል እነዚህን ይሸፍናቸዋል። ማተሚያ ቤቱ «ጥላ ላድርግበት?» ሲልዎት አያስፈልግም ይበሉ። በቃላት መሀል ሁለት ነጥብ አይጠቀሙ፣ ባዶ ቦታ ይበቃል፤ ቁጥሩም 300 እንጂ ፫፻ አይሁን። «ጎሚስታ» እና «ጐሚስታ» ሁለቱም ይጻፋሉ፤ አንዱን ይዘው በሁሉም ታፔላ ላይ እሱን ብቻ ይጠቀሙ።

7. ከማሳተምዎ በፊት በወረቀት ይፈትኑት

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ የሚፈጀው ግን ሩብ ሰዓት ነው። ታፔላውን በ20 እጥፍ አሳንሰው ወረቀት ላይ ይሥሩት። 3 ሜትሩ 15 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 2 ሜትሩ 10፣ 40 ሴንቲ ሜትሩ ፊደል 2 ሴንቲ ሜትር። የንባብ ርቀቱም በዚያው ልክ ያንሳል፤ 80 ሜትሩ 4 ሜትር ይሆናል።

ጽሑፉን አይቶ የማያውቅ ሰው 4 ሜትር ላይ ያቁሙ። ወረቀቱን ለ2 ሰከንድ ያሳዩትና ይገልብጡት። ከዚያ «ምን ነበር? የት ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሁለቱንም ከመለሰ ጽሑፉ አልፏል። «ጎማ ምናምን» ካለ ፊደሉ ቀጭን ነው ወይም ቃሉ በዝቷል። ምን እንደሆነ አውቆ የት እንደሆነ ካልመለሰ፣ ቁጥሩ አንሷል ወይም ቀስቱ ተደብቋል። እርስዎ ራስዎ አይፈትኑት፤ ጽሑፉን በቃልዎ ስለሚያውቁት ዐይንዎ ሳያነብ ይሞላልዎታል።

8. የቀረውን በሩ ላይ ያድርጉት

በሩ ላይ ሁለተኛ ታፔላ ያስፈልጋል፤ መኪናው ፍጥነት ቀንሶ ስለሚደርስ አንድ ነገር መጨመር ይችላል። «ጎሚስታ» የሚለው በዚያው ቀለምና በዚያው የፊደል ዓይነት ይደገም፣ ከሥሩ ቤትዎን ከጎረቤት የሚለየው አንድ ነገር ይጻፍ፦ «24 ሰዓት» ወይም «ለከባድ መኪና»። ሁለቱም እውነት ከሆኑ ሁለቱም ይጻፉ፤ ከዚያ አይለፉ።

የዋጋ ዝርዝር፣ ባላንስ፣ የጎማ ሽያጭ እና ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ፣ ደንበኛው ቁጭ በሚልበት ትይዩ ይሁኑ። ስልክ ቁጥሩ በተጨማሪ የቆርቆሮው በር ላይ በደማቁ ይጻፍ፤ ሌሊት ተዘግቶ የሚያገኘው ሹፌር ያን ጊዜ ቆሟል፣ ስልኩም እጁ ላይ ነው።

ያን ያገለገለ የከባድ መኪና ጎማ ደግሞ ነጭ ወይም ቢጫ ቀብተው ከበሩ ታፔላ ምሰሶ ጋር ያቁሙት። ከ1 ሜትር በላይ ስፋት ያለው ክብ ነገር ማንኛውም ፊደል ከመነበቡ በፊት ይታያል፤ የትኛውንም ቋንቋ የሚናገር ሰውም ያውቀዋል። ታችኛው ጎኑን በመሰርሰሪያ ይብሱት፤ ካልበሱት ዝናብ ይቋጥርና የትንኝ መራቢያ ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

የባለቤቱን ስም ከሁሉ አተልቆ መጻፍ አንዱ ነው። ስሙ ለቤቱ ክብር ነው፣ ቦታውም በሩ ላይ ነው፤ ለማያውቅዎት ሹፌር ግን «ጎሚስታ» የሚለውን ያሳንስበታል። ሌላው የጎማ ፋብሪካ አርማ፣ የመኪና ፎቶ እና የሠራተኛ ፎቶ መደርደር ነው፤ ከሩቅ ሁሉም አንድ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናሉ። ሦስተኛው በጣም የተለመደ ነው፦ ኮምፒውተር ላይ አምሮ ስለታየ ማጽደቅ። ስክሪን ላይ ከግማሽ ሜትር የሚያዩት ንድፍ ስለ 80 ሜትር ምንም አይነግርዎትም፤ ደረጃ 7ን ያድርጉ።

ማስጠንቀቂያ

«ለከባድ መኪና» ብለው የሚጽፉት ከባዱን የሚያነሳ ክሪክ፣ በቂ ኮምፕሬሰር እና ጎማ ሲነፋ የሚገባበት የብረት ሳጥን ካለዎት ብቻ ነው። ባለቀለበት ቸርኬ ያለው ጎማ ያለ ሳጥን ሲነፋ ቀለበቱ ተፈናጥሮ ሰው ይገድላል፤ ታፔላው የጠራውን ሥራ እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው።

አዳማ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት አገር ነው። 6 ካሬ ሜትር ታፔላን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ንፋስ 300 ኪሎ ገደማ በሆነ ጉልበት ይገፋዋል። ባነር ጨርቅ ይቀደዳል፣ ሳይቀደድም እየተርገበገበ አይነበብም፤ በላሜራ እና በቱቦላሬ ያሠሩት። የምሰሶውን ውፍረትና የመሠረቱን ጥልቀት ሥራው የገባው ሰው ይወስን።

ከማሳተምዎ በፊት የቦታውን፣ የመጠኑንና የቋንቋውን ፈቃድ ከከተማው አስተዳደር ይጨርሱ፤ የመንገዱ ክልል ውስጥ የሚቆም ከሆነ መንገዱን የሚያስተዳድረውን መሥሪያ ቤትም ይጠይቁ። የትራፊክ ምልክት ምሰሶ ላይ አይስቀሉ፣ ምልክቱንም አይጋርዱ። ጠመዝማዛ ላይም አያቁሙ፤ እዚያ የሹፌሩ ዐይን ከመንገዱ ሊነሳ አይገባም።

ታፔላው ከቆመ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ቀን ማታ በመኪና እያለፉ ይዩት። ፀሐይ ከታፔላው ጀርባ በምትሆንበት ሰዓት ጽሑፉ ከጠፋ ምሰሶው ላይ ትንሽ ወደ መንገዱ ዞር ያድርጉት። በበጋ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ አቧራውን ያስጠርጉ።